ክንድ ላይ የማይነበበው ግፊት

ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ሐይቅ ከታለፈ በኋላ የምትገኝ ከተማ ናት። አስፋልቱን ለቆ ወደ አምባሰል ቀበሌዎች የሚወጣ ሰው አቀበት ይጠብቀዋል። በዚህ አቀበት ላይ አንዲት የ34 ዓመት ሴት እናስብ። የማንም የግል ታሪክ አይደለም፤ ስለ እሷ የምጠቅሳቸው ቁጥሮችም ነገሩን ለማስረዳት የቀረቡ ናቸው። ሆኖም እንደ እሷ ያለ ታማሚ ለልብ ሐኪሞች እንግዳ አይደለም። ልጅነቷ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ወንዝ እየወረደች ውኃ ስትቀዳና ልብስ ስታጥብ አለፈ፤ ኋላ ትዳር ይዛ ውጫሌ ገባች።

ሕመሙ የጀመረው ሳይታወቅ ነው። መጀመሪያ የገበያ ሸክም ከበዳት። ቀጥሎ ባዶ እጇንም ሆና ዳገቱ ላይ እየቆመች ማረፍ ጀመረች። ጤና ጣቢያ ሄዳ ግፊቷ ሲለካ 110 በ70 ሆነ። «ግፊትሽ ደህና ነው እህቴ፣ ሐሳብ አይግባሽ» ተባለች። ደሟም ተመረመረ፤ አላነሳትም። አክታዋ ታየ፤ የቲቢ ተሕዋስ አልተገኘበትም። ወራት አለፉ። እግሯ ማታ ማታ ማበጥ ጀመረ። አንድ ቀን ዳገቱ መሐል ላይ ዓይኗ ጨለመና ወደቀች። ወዲያው ነቃች፤ አልተንፈራገጠችም፣ ምላሷንም አልነከሰችም። ሰው ሲደክም ሊያዞረው ይችላል። በጉልበት ሥራ መሐል ራስን ስቶ መውደቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ልብ ሰውነት የሚጠይቀውን ያህል ደም መላክ አቅቶት ሊሆን ይችላል። ወደ ደሴ እንድትላክ ያደረገው ይህ ውድቀት ነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተለካው ቁጥር ስሕተት አልነበረም። 110 በ70 እውነት ነው፤ ግን የሚናገረው ስለ ሌላ ቦታ ነው። ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ ጣሊያናዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ በ1896 እ.ኤ.አ. አስተዋወቀ። ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮቭ ደግሞ በ1905 ማዳመጫውን ክንድ ላይ አስቀምጦ ላይኛውንና ታችኛውን ቁጥር በድምፅ የሚለይበትን ዘዴ ገለጸ። ዛሬም በየጤና ጣቢያው የሚደረገው ይኸው ነው። መሣሪያው የሚለካው የግራው ልብ ወደ መላ ሰውነት በሚልክባቸው ደም ቅዳዎች ውስጥ ያለውን ግፊት ነው። ሰዎች «ግፊት አለብኝ» ሲሉ የሚናገሩት ስለዚህ ነው፤ ቁጥሩ ተደጋግሞ ሲለካ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሞች በሽታ ይሉታል።

የቀኙ ልብ ግን የራሱ መንገድ አለው። ከሰውነት የተመለሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልከዋል። በየደቂቃው በሳንባ የሚያልፈው ደም በሰውነት ከሚያልፈው ጋር እኩል ነው፤ ዕረፍት ላይ ባለ ጎልማሳ አምስት ሊትር ገደማ። ልዩነቱ ያለው በግፊቱ ነው። የሳንባ ደም ሥሮች ብዙ፣ ቀጫጭንና በቀላሉ የሚለጠጡ ስለሆኑ ያን ሁሉ ደም የሚያሳልፉት 25 በ10 በሚያህል ግፊት ነው፤ አማካዩ ወደ 14 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጠጋል። የሰውነቱ አማካይ 90 አካባቢ ነው። ስለዚህም የቀኙ ታችኛው የልብ ክፍል ግድግዳው ስስ ነው፤ ከባድ ሥራ አልተሰጠውም። አንድ ሰው ክንዱ ላይ 180 በ110 ተለክቶበት የሳንባው ግፊት ጤናማ ሊሆን ይችላል። እንደ ውጫሌዋ ሴት ደግሞ ክንዱ ላይ ምንም ሳይታይ የሳንባው ግፊት ሦስት እጥፍ ሊያድግ ይችላል። የክንዱ መለኪያ ሁለተኛውን መንገድ ፈጽሞ አያየውም።

ሁለተኛውን መንገድ የሰው ልጅ ያወቀው ቀድሞ ነው፤ መለካት የቻለው ግን በጣም ዘግይቶ ነው። ደም ከቀኝ ልብ ወደ ግራ የሚሻገረው በሳንባ በኩል መሆኑን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደማስቆ የተወለደውና ካይሮ የሠራው ኢብን አልነፊስ ጽፏል። በ1891 ጀርመናዊው ኤርንስት ፎን ሮምበርግ የአንድ ሟች ሬሳ ሲመረመር የሳንባ ደም ቅዳዎቹ ጠጥረው እንደተገኙና ምክንያቱ እንዳልታወቀ ገለጸ። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ግን ይህን የሚለይበት መንገድ አልነበረም። የሳንባ ደም ቅዳ ደረት ውስጥ የተሸሸገ ነው፤ ጨርቅ የሚጠመጠምበት ክንድ የለውም።

መንገዱ የተከፈተው በ1929 ጀርመን ውስጥ፣ ኤበርስቫልደ በተባለች ከተማ ነው። ቬርነር ፎርስማን የሚባል ወጣት ሐኪም አለቆቹ ሳይፈቅዱለት የራሱን ክንድ ደም መልስ ከፍቶ ለሽንት የሚያገለግል ቀጭን ቱቦ ወደ ልቡ ገፋው። ቱቦው እንዳለ ወደ ራጅ ክፍሉ ሄዶ ጫፉ ቀኝ ልቡ ውስጥ መድረሱን በፎቶ አስቀረ። በ1940ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ አንድሬ ኩርናንና ዲኪንሰን ሪቻርድስ ይህን ድፍረት ወደ መደበኛ ምርመራ ለወጡት፤ ቱቦው የሳንባ ደም ቅዳ ድረስ ገብቶ ግፊቱን በቀጥታ ለካ። ሦስቱም በ1956 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። በክንድ ላይ ግፊት መለካት ከተቻለበት ጊዜ አንሥቶ የሳንባው እስኪለካ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ እንዳለፈ ልብ ይሏል። ብዙ ሰው ሁለቱን ሕመሞች ዛሬም አንድ አድርጎ ማየቱ አያስደንቀኝም።

በዚያው ዘመን፣ በ1946፣ ስዊድናውያኑ ኡልፍ ፎን ኦይለርና ዮራን ሊልየስትራንድ ድመቶችን ኦክሲጅን ያነሰው አየር ሲያስተነፍሷቸው የሳንባ ግፊታቸው ከፍ ሲል አዩ። የሌላው ሰውነት ደም ሥሮች ኦክሲጅን ሲያጡ ይከፈታሉ፤ የሳንባዎቹ ግን ይጠባሉ። ጥቅም አለው፤ አየር ከማይደርሰው የሳንባ ክፍል ደሙን ወደ ደህናው ክፍል ያዞረዋል። መላው ሳንባ ኦክሲጅን ሲያንሰው ግን ሁሉም አብረው ይጠቡና ግፊቱ ይጨምራል። ለደጋ ሰዎች ይህ ነገር ምን ትርጉም እንዳለው ቆይተን እናያለን።

የፎርስማን ቱቦ እውነተኛውን ቁጥር ይሰጣል፤ ግን ልዩ ክፍል፣ ራጅና የሠለጠነ ቡድን ይፈልጋል፤ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ሁሉ በዚያ መመርመር አይቻልም። ከውጪ ሆኖ የሚያይ ነገር ያስፈልግ ነበር። እሱም የተገኘው በስዊድኗ ሉንድ ከተማ ነው። የልብ ሐኪሙ ኢንጌ ኤድለርና የፊዚክስ ባለሙያው ሄልሙት ኸርትስ በፋብሪካ የብረት ስንጥቅ የሚፈለግበትን የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ተውሰው በጥቅምት 1953 የልብ ግድግዳ እንቅስቃሴ መዘገቡ። ኤድለር ይህን የፈለገው የሚትራል ቫልቭ፣ ማለትም የግራው ልብ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መሐል ያለው በር፣ ምን ያህል እንደጠበበ ቀዶ ጥገና ሳይደረግ ለማወቅ ነበር። ኢኮ የሚባለው ይህ ምርመራ የተወለደው ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በር የሚያበላሸው የሩማቲክ በሽታ ባስነሣው ጥያቄ ነው፤ በሽታው ዛሬም በአገራችን የልብ ክፍሎች ብዙ ወጣቶችን አልጋ ያስይዛል።

ኢኮ ግን ግድግዳና በር ያያል እንጂ ግፊት አያይም። ይህን እንቆቅልሽ በ1984 የፈቱት አሜሪካ ስታንፎርድ የነበሩት ፖል ዮክና ሪቻርድ ፖፕ ናቸው። መነሻቸው አንድ ትንሽ ብልሽት ነበረ። በቀኙ ልብ የላይኛና የታችኛ ክፍል መሐል ያለው ትራይከስፒድ ቫልቭ በብዙ ሰው ላይ፣ በጤነኛም ጭምር፣ ጥቂት ያፈሳል። የታችኛው ክፍል ሲጨመቅ ጥቂት ደም በዚያ ክፍተት ወደ ኋላ ይወነጨፋል። ዶፕለር የሚባለው የኢኮ ክፍል ደግሞ የሚሮጥ ደም ፍጥነት ይለካል። ከበስተኋላ የሚገፋው ግፊት ሲጨምር ውርወራውም ይፈጥናል፤ ዳንኤል ቤርኑሊ በ1738 ስለ ፈሳሾች ካሳተመው መጽሐፍ የወጣ ሕግ ነው። ለልብ ሲቀለል ስሌቱ እንዲህ ይሆናል፦ ፍጥነቱ በሴኮንድ በሜትር ይለካል፣ በራሱ ይባዛል፣ ከዚያ በ4። ዮክና ፖፕ የቀኝ ልባቸው ግፊት መጨመሩን የሚያመለክት ምልክት ያለባቸውን 62 ታማሚዎች መረመሩ፤ በ54ቱ ላይ የሚለካ ፍሳሽ ተገኘ፤ የስሌቱም ውጤት በቱቦ ከተለካው ጋር በእጅጉ ተቀራረበ። የልብ በር ፍሳሽ፣ እንደ ጉዳት ብቻ ይታይ የነበረው፣ የግፊት መለኪያ ሆነ።

ሴትዮዋን ደሴ ላይ እናግኛት። በግራ ጎኗ ተኝታለች፤ ደረቷ ላይ ጄል ተቀብቷል። ባለሙያው ፕሮቡን ከግራ ጡቷ ሥር ያሳርፋል። ስክሪኑ ላይ የትራይከስፒድ ፍሳሽ ይታያል፤ ዶፕለሩ ሲከፈት ጥርት ያለ፣ ወደ ታች የተገለበጠ ቅስት ይስላል። የቅስቱ ጫፍ 4.1 ሜትር በሴኮንድ ነው፤ ሪፖርቱ ላይ TR Vmax ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው። 4.1 በራሱ ሲባዛ 16.8፤ በ4 ሲባዛ 67። ይህ በታችኛውና በላይኛው የቀኝ ክፍል መሐል ያለው ልዩነት ብቻ ስለሆነ የላይኛው ክፍል የራሱ ግፊት ይጨመርበታል። እሱን ለመገመት ባለሙያው ከጉበት አጠገብ ወደ ልብ የሚገባውን ትልቁን ደም መልስ ይፈልጋል። በጤነኛ ሰው ከ21 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ትንፋሽ ሲሳብም ከግማሽ በላይ ይጨፈለቃል። የእሷ 23 ነው፤ «በአፍንጫሽ ሳቢ» ሲሏትም ከቦታው እምብዛም አልተነቃነቀም። ስለዚህ 15 ይጨመራል። በሳንባ ደም ቅዳዋ ውስጥ ያለው ላይኛ ግፊት 82 ገደማ ሆነ። የክንዷ 110 ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሪፖርቶች ያቆማሉ፤ እኔ ግን ማቆም አይገባም ባይ ነኝ። ቁጥሩ የተገኘው ከአንድ ውርወራ ነው። ፕሮቡ ከደሙ አቅጣጫ ጥቂት ካዘነበለ ፍጥነቱ አንሶ ይነበባል፤ ስሌቱ ፍጥነቱን በራሱ ስለሚያባዛ ትንሿ ስሕተት ትልቅ ትሆናለች። የቅስቱ ጠርዝ ደብዛዛ ሆኖ ባለሙያው ጭጋጉን ካካተተ ደግሞ በዝቶ ይነበባል። ፍሳሽ የሌለው ሰውም አለ፤ ፍሳሽ አለመኖሩ ግን የሳንባ ግፊት የለም ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጆንስ ሆፕኪንስ ላይ ተሠርቶ በ2009 የታተመ ጥናት የኢኮውን ግምት በአንድ ሰዓት ልዩነት ከተደረገ የቱቦ ልኬት ጋር አነጻጽሮ ግማሽ በሚጠጉት ታማሚዎች ላይ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት አገኘ። በዚህ ምክንያት አሁን ያለው የአውሮፓ መመሪያ፣ የ2022ቱ፣ በተሰላው ግፊት ሳይሆን በፍጥነቱ በራሱ መጀመርን ይመክራል፤ እስከ 2.8 ከሆነና ሌላ ምልክት ከሌለ ጥርጣሬው ዝቅተኛ ነው፣ ከ3.4 በላይ ከሆነ ከፍተኛ፤ መሐል ላይ ሲሆን ሌሎቹ ፍንጮች ይወስናሉ።

ሌሎቹ ፍንጮች የሚገኙት ልብ ራሷ ላይ፣ የሳንባ ደም ቅዳው ላይና ወደ ልብ በሚገባው ደም መልስ ላይ ነው፤ ዋጋ የሚያገኙት ቢያንስ ከሁለቱ ቦታ ሲመጡ ነው። ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለመሐል ግድግዳው ነው። ልብ በአጭር ቁርጥ ስትታይ የግራው ክፍል ክብ ነው፤ የቀኙ ከጎኑ ተለጥፎ ይታያል። መሐላቸው ያለው ግድግዳ ወደ ቀኝ ያበጠ ነው፤ ምክንያቱም የግራው ግፊት ሁልጊዜ ስለሚያይል። የቀኙ ግፊት እየተጠጋ ሲመጣ ግድግዳው ይስተካከላል፤ ክቡም ግማሽ ክብ ይሆናል። ልብ በምትጨመቅበት ቅጽበት ጠፍጥፎ ከታየ የሚገፋው ግፊት ነው፤ ልብ ስትዘረጋ ብቻ ጠፍጥፎ ከታየ ግን ወደ ቀኝ የበዛ ደም ይሆናል፣ ለምሳሌ በሁለቱ የላይኛ ክፍሎች መሐል ቀዳዳ ሲኖር። በሴትዮዋ ላይ በጨመቃው ጊዜ ጠፍጥፏል። የቀኙ ክፍል ስፋትም ከሥሩ ሲለካ ከግራው በልጧል፤ በጤነኛ ልብ ይህ አይሆንም።

ሁለተኛው ምስክር የሳንባው ደም ቅዳ ነው። የደም ፍሰቱ ከጅምሩ እስከ ከፍተኛው ፍጥነት የሚወስድበት ጊዜ ይለካል። ሥሮቹ ልሎች ሲሆኑ ፍጥነቱ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ጠጥረው ከሆነ ማዕበሉ ቶሎ ተጋጭቶ ስለሚመለስ ጫፉ ላይ በፍጥነት ደርሶ ይሰበራል። ከ105 ሚሊ ሴኮንድ ማነሱ አጠራጣሪ ነው፤ የእሷ 70 ነው፣ ቅርጹም መሐሉ ላይ ጥርስ አውጥቷል። ጥርሱን አይቼ ዝም የምል አይደለሁም፤ ብዙውን ጊዜ የሚታየው የጠጠሩት ራሳቸው የሳንባ ደም ቅዳዎች ሲሆኑ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ቀድሞ ያየነው ያበጠው ደም መልስ ነው። ሦስቱም ቦታ መሰከሩ፤ ከፍጥነቱ ጋር አንድ ታሪክ ተናገሩ።

አሁን ወደ ደጋዎቹ። ሐኪም ውጫሌ ወይም ከፍ ባሉት የአምባሰል መንደሮች የሚኖር ሰው ላይ መጠነኛ ጭማሪ ሲያይ «ከፍታው ነው» ሊል ይፈልጋል። ለዚህ ከአማራ ክልል የመጣ ምስክር አለን። በ2011 ብራያን ሆይት፣ አማሃ ገብረመድህን፣ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች 3,700 ሜትር ላይ የተወለዱና የኖሩ ጤነኛ ሰዎችን በኢኮ መርምረው 1,200 ሜትር ላይ ከሚኖሩ ጋር አነጻጸሩ። በትራይከስፒድ ፍሳሽ የተሰላው ልዩነት በቆላዎቹ ላይ በአማካይ 22 ገደማ፣ በደጋዎቹ ላይ 28 ገደማ ነበር። የፎን ኦይለር ድመቶች የነገሩን ነገር በሰውም ታየ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ደጋዎቹ ላይ የሳንባ ሥሮቹ ተቃውሞ መጨመሩ አልታየም፤ ሰዎቹም ጤነኞች ነበሩ። ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ብቻውን ደገኛን ታማሚ አያደርገውም። በተቃራኒውም ሰሜን ተራሮች ላይ ያለው አማካይ 28 ከሆነ፣ ከዚያ ብዙ ዝቅ ብላ የምትኖር ሴት ላይ የተገኘውን 67 በከፍታ ማሳበብ አይቻልም።

ግፊቱ ካለ የሚቀጥለው ጥያቄ ከየት መጣ ነው፤ ሕክምናውን የሚወስነውም ይኸው ነው። መጀመሪያ የሚታየው ግራው ልብ ነው፤ አብዛኛው የሳንባ ግፊት የሚመጣው ከዚያ ነውና። የሚትራል በር ሲጠብ፣ የመስኖ ቦይ ታች ሲደፈን ውኃው ወደ ላይኛው ማሳ እንደሚመለሰው፣ ደሙ ወደ ሳንባ ይከማቻል። በኢኮ ላይ የበሩ ቅጠሎች ይወፍራሉ፣ ጫፋቸው ተጣብቆ ይጎብጣሉ፣ ከበሩ በላይ ያለው የግራ ክፍል ይሰፋል። ለብዙ ዓመት በሕክምና ያልተያዘ ተራ የደም ግፊትም ግራውን ልብ አደንድኖ እዚሁ ላይ ሊያደርስ ይችላል፤ ሁለቱ ሕመሞች የሚገናኙበት ቦታ ይህ ነው። ሴትዮዋ ላይ ባለሙያው በሩን ደጋግሞ አየ። ቅጠሎቹ ስሶች ናቸው፤ የግራው የላይኛ ክፍልም አልሰፋም። ግድቡ ከሳንባ በታች አይደለም።

ከዚያ ሳንባው ይታያል፤ ራጁና ትንፋሽ ምርመራው የቆየ የቲቢ ጠባሳም ሆነ የጭስ ጉዳት አላሳዩም። በሳንባ ሥር ተወትፎ የቀረ የደም ርጋታ ካለ ተብሎ ተፈለገ፤ አልተገኘም። ኤች አይ ቪ የለባትም። ሆዷ በአልትራሳውንድ ሲታይ ግን ጣፊያዋ ሰፍቷል፤ በጉበቷ ውስጥ በዋናው ደም መልስ ዙሪያ ያለው ሥጋ ወፍሮ ጠባሳ ሆኗል። ሐኪሙ ያደገችበትን ጠየቃት።

«ሐይቅ ነው ያደግኩት። ወንዝ እንወርድ ነበር፤ ልጅ ሆነን ያልገባንበት የለም።»

በ2015 ዘለቀ መኮንን፣ ብርሃኑ ኤርኮና ባልደረባቸው ሐይቅ ከተማ አዲስ የቢልሃርዚያ ሥፍራ መሆኗን ያሳየ ጥናት አሳትመዋል፤ ትሉን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣም በአካባቢው ውኃ አለ። ትሉ የአንጀት ደም ሥር ውስጥ ይኖራል፤ እንቁላሎቹ በደም ወደ ጉበት ይሄዱና ይቀራሉ፣ ዙሪያቸው ጠባሳ ይሠራል። ዓመታት ሲያልፉ በጉበት ማለፍ ያቃተው ደም ጎን ለጎን መንገድ ይከፍታል፤ በዚያ መንገድ እንቁላሎቹ ጉበትን አልፈው ሳንባ ይደርሳሉ። እንቁላሎቹና ሰውነት የሚያስነሣባቸው ቁጣ አንድ ላይ ሆነው ትናንሾቹን የሳንባ ደም ቅዳዎች ያወፍሯቸዋል፣ ያጠቧቸዋል። ቢልሃርዚያ ከያዛቸው ሰዎች እዚህ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ባብዛኛው ጉበትና ጣፊያቸው ለረጅም ጊዜ የተጎዳ። ስለዚህ ጣፊያ መንካት ለልብ ሐኪምም የሚበጅ ሥራ ነው፤ ሐይቅና አምባሰል አካባቢ ደግሞ የበለጠ።

ኢኮው ጥርጣሬውን አጠናከረው እንጂ አልዘጋውም። የመጨረሻው ቃል የፎርስማን ቱቦ ነው፤ ለዚያ አዲስ አበባ ተላከች። የሳንባ ደም ቅዳዋ አማካይ ግፊት 48 ሆነ። በ1973 ጄኔቫ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ድንበሩን 25 ላይ አድርገውት ነበር፤ ዛሬ ከ20 በላይ ያለው ሁሉ ከፍተኛ ነው። ቱቦው ትንሽ ደም ሥር ውስጥ ተወሽቆ ከማዶ ያለውን የግራ ልብ ግፊት ሲለካ 9 አገኘ፤ እስከ 15 ደህና ስለሆነ የግራው ልብ ከጥርጣሬ ወጣ። በመሐል ያለው ልዩነት 39 ነው፤ ልቧ በደቂቃ 3.9 ሊትር ደም ትልካለች፤ ሲካፈል ተቃውሞው 10 ይሆናል። ከ2 በላይ መሆን የለበትም ነበር። የጠጠሩት የሳንባ ደም ቅዳዎቹ ራሳቸው መሆናቸው ተረጋገጠ።

ለተራ ግፊት የሚታዘዙት መድኃኒቶች እዚህ አያድኗትም። የሰውነቷ ግፊት 110 ብቻ ነው፤ እሱን ቢያወርዱት የተጨነቀው ቀኝ ልብ የራሱን ሥጋ የሚመግብበት ደም ይቀንስበታል፤ ውድቀቱም ሊደጋገም ይችላል። ለትሉ ፕራዚኳንቴል ተሰጣት፤ ያለፈውን ጠባሳ አይመልሰውም፣ አዲስ እንቁላል ግን ያቆማል። የሳንባ ሥሮቹን ለማላላት ሲልዴናፊል፣ እብጠቱን ለመቀነስ ውኃ የሚያስወጣ መድኃኒት ጀመረች። እርግዝና ለሕይወቷ እጅግ አደገኛ እንደሆነ ከባሏ ጋር ተቀምጣ ተነገራት፤ መከላከያውም በዚያው ቀን ተወሰነ።

ክትትሉ ላይ አንድ የተደበቀ አደጋ አለ። እንበልና ከወራት በኋላ ኢኮዋ ተደግሞ ፍጥነቱ ከ4.1 ወደ 3.3 ወርዷል፤ በስሌቱ 67 የነበረው 44 ሆኗል። ማንም «ተሻላት» ይላል። ውርወራውን የሚወረውረው ግን ቀኝ ልቡ ነው፤ ጉልበት ሲያጣም ውርወራው ይደክማል። ስለዚህ ባለሙያው ሁለተኛ መለኪያ ማየት አለበት፤ የትራይከስፒድ በር ጠርዝ በየምቱ ወደ ልብ ጫፍ የሚወርድበትን ርቀት፣ ማሽኑ ላይ TAPSE የሚለውን። 17 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ደህና ነው። የእሷ በመጀመሪያው ኢኮ 15 ነበር። አሁን ፍጥነቱ ወርዶ ይህ ወደ 18 ከወጣ፣ ደም መልሱም ከጠበበ፣ መድኃኒቱ ሠርቷል። ፍጥነቱ ወርዶ ይህም ወደ 10 ከወረደ፣ ደም መልሱም እንዳበጠ ከሆነ፣ ግፊቱ የወረደው ልቡ መግፋት ስላቃተው ነው፤ ሴትዮዋም ወደ ውጫሌ ልትመለስ አይገባም፣ በዚያው ቀን መተኛት አለባት።